በ40 በመቶ ጨምሮ በ40 በመቶ የቀነሰ ቡና ለምን ወደ ድሮ ዋጋው አይመለስም?

የቡና ወቅት ሲገባ ጅማ ውስጥ ወሬው ሁሉ በመቶኛ ይሆናል። «ጀንፈል በሠላሳ ጨመረ»፣ «አጋሮ ላይ ሃያ ጣለ»፣ «ኒው ዮርክ ሃያ አምስት ወረደ» ይባላል። መቶኛ ለወሬ ይመቻል። አጭር ነው፤ በኪሎም በፈረሱላም በኩንታልም ቢያወሩት አይለወጥም። በዚያው ልክ ግን ሰውን በቀላሉ ያሳስታል። አንድ ቡና በ40 በመቶ ጨምሮ መልሶ በ40 በመቶ ሲቀንስ አብዛኛው ሰው «እንግዲህ የነበረበት ገባ» ብሎ ይደመድማል። የነበረበት አልገባም፤ ከነበረበት 16 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይህ ልዩነት የወረቀት ሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። በገበሬውና በሰብሳቢው መካከል በየሳምንቱ የሚያልፍ ገንዘብ ስለሆነ ግን ከሥሩ መታየት አለበት።

ለስሌት እንዲቀለን አንድ ፈረሱላ ጀንፈል፣ ማለትም 17 ኪሎ በደረቁ ያለ ቡና፣ 4,000 ብር ነው እንበል። ቁጥሩ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ለሒሳብ እንዲያመች የተመረጠ ነው። ገበያው ሞቀና ዋጋው በ40 በመቶ ጨመረ። የ4,000 ብር 40 በመቶ 1,600 ስለሆነ ፈረሱላው 5,600 ብር ገባ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገበያው በረደና ቡናው ወደ 4,000 ብር ተመለሰ። አሁን አንድ ወጣት ሰብሳቢና ከማና ወረዳ ቡና ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ሲነጋገሩ እናስብ። የቆየ ደንበኝነት አላቸው፤ ዋጋ ሲጨምር ሊጨምርላቸው፣ ሲቀንስም ሊቀንስባቸው ተስማምተዋል።

«አባባ፣ ያኔ ገበያው በአርባ ሲጨምር በአርባ ጨመርኩልዎ። አሁን የጨመረውን ጥሏል። እኔም ያንኑ አርባ ልቀንስ።»

«እንደጨመርክልኝ ከሆነ ቀንስ ልጄ፣ ምን ይደረጋል» ይላሉ አዛውንቱ።

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ 5,600 ይጽፋል፤ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክቱን፣ 40ን፣ የመቶኛ ምልክቱን ይጫናል። ስልኩ 3,360 ይላል። ሁለቱም ቁጥሩን ያዩታል፤ ሁለቱም ያምኑታል። ገበያው ግን 4,000 ብር ነው። አዛውንቱ በእያንዳንዱ ፈረሱላ 640 ብር አጥተዋል። ዐሥር ፈረሱላ ይዘው መጥተው ከሆነ 6,400 ብር ሚዛኑ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ወጣቱ ሆን ብሎ አላታለለም፤ ስልኩም አልተሳሳተም። ስሕተቱ የገባው ከስሌቱ በፊት፣ «ያንኑ አርባ» ሲባል ነው።

መቶኛ ብቻውን ቆሞ ምንም አይልም። ሁልጊዜ የአንድ ነገር መቶኛ ነው፤ ያ ነገር መነሻው ነው። ዋጋው ሲጨምር መነሻው 4,000 ነበር፤ 40 በመቶውም 1,600 ብር ሆነ። ሲቀንስ ግን መነሻው 5,600 ሆኗል፤ የዚህ 40 በመቶ 2,240 ብር ነው። ቃሉ «አርባ በመቶ» እንደሆነ ቢቆይም ብሩ ተለውጧል። የስልኩ የመቶኛ ምልክት ደግሞ የሚያውቀው ከፊቱ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው። የዛሬ ወር ዋጋው ስንት እንደነበር አያውቅም፤ ስለዚህ 40 በመቶውን የሚያወጣው ከ5,600 ነው።

ይህን 2,240 ብር ለሁለት ከፍለን ስናየው የጎደለው ከየት እንደመጣ በዓይን ይታያል። 5,600 ብር የተሠራው ከድሮው 4,000 እና ከተጨመረው 1,600 ነው። ቅናሹ ሁለቱንም ይነካል። ከ4,000ው ላይ 40 በመቶ ሲነሣ 1,600 ብር ይሆናል፤ ይህ ልክ የጨመረውን ያህል ስለሆነ ጭማሪውን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ቡናው ወደ 4,000 በተመለሰ ነበር። ቅናሹ ግን ከ1,600ው ጭማሪም ላይ 40 በመቶ ያነሣል፤ ይህም 640 ብር ነው። አዛውንቱ ያጡት ይህንኑ ነው፤ የጭማሪውን ቅናሽ። የ40 በመቶ 40 በመቶ 16 በመቶ ስለሆነ፣ 640 ብርም ከ4,000 ውስጥ 16 በመቶ ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ሲሰማ «እንግዲያው መጀመሪያ ቢቀንስና በኋላ ቢጨምር ይተርፈው ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል። እኔም ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ምክንያታዊም ይመስላል። ግን አይተርፍም። 4,000 ብር በ40 በመቶ ሲቀንስ 2,400 ይሆናል። የ2,400 ብር 40 በመቶ 960 ብር ነው፤ ሲጨመርበት እንደገና 3,360 ይመጣል። ብሩ አንድ ዓይነት የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ40 በመቶ መጨመር ማለት ዋጋውን በ1.4 ማባዛት ነው፤ በ40 በመቶ መቀነስ ማለት ደግሞ በ0.6 ማባዛት ነው። የማባዛት ቅደም ተከተል ቢገላበጥ ውጤቱ አይለወጥም። 1.4 በ0.6 ሲባዛ በየትኛውም በኩል ቢጀመር 0.84 ነው፤ ከመቶ ብር 84 ይቀራል ማለት ነው። ፊት ሲቀንስ የሚጎዳው ምክንያት ግን መልኩ ይለያል። ያኔ 1,600 ብር ቀድሞ ስለጠፋ በኋላ የሚመጣው ጭማሪ በሌለ ገንዘብ ላይ ሊያርፍ አይችልም። ከጠፋው 1,600 ብር ላይ ሊገኝ ይችል የነበረው 40 በመቶ፣ አሁንም 640 ብር፣ ቀረ።

የሚጎድለው መጠን በመቶኛው ትልቅነት በጣም ይለያያል። በ5 በመቶ ጨምሮ በ5 በመቶ ከቀነሰ ከ4,000 ብሩ የሚጎድለው 10 ብር ብቻ ነው፤ ሚዛን ላይ ማንም አያስተውለውም። በ10 በመቶ ሲሆን 40 ብር፣ በ20 በመቶ 160 ብር፣ በ50 በመቶ ደግሞ 1,000 ብር ይጎድላል። መቶኛው እጥፍ ሲሆን ጉድለቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዋጋ በትንሽ በትንሹ በሚነቃነቅበት ዘመን ሰው ይህን ስሕተት ሲሠራ ቢኖርም ብዙ አይጎዳም ነበር። የቡና ዋጋ በአንድ ወቅት ውስጥ በ20 እና በ30 በመቶ ሲወጣና ሲወርድ ግን ያው የድሮ ልማድ ውድ ይሆናል። በ20 በመቶ እየጨመረ በ20 በመቶ የሚቀንስ ዋጋ ስድስት ጊዜ ቢመላለስ በመጨረሻ ከመነሻው 22 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ጭማሪዎቹንና ቅናሾቹን ለሚደምር ሰው ግን ድምሩ ዜሮ ነው።

አዛውንቱና ወጣቱ ጋር ስንመለስ፣ ገበያው ከ5,600 ወደ 4,000 ብር ሲወርድ ትክክለኛው ቅናሽ ስንት በመቶ ነበር? የወረደው 1,600 ብር ነው፤ መነሻው 5,600 ነው። 1,600 ለ5,600 ሲካፈል 28.6 በመቶ ያህል ይመጣል። ስለዚህ 40 በመቶ የወጣ ዋጋ ወደ ቦታው ለመመለስ 28.6 በመቶ መውረድ ይበቃዋል። ሌላውን ማስታወስ ለሚከብደው ሰው ይህን መንገድ እመክራለሁ፤ የተጨመረውን ለመንቀል መቀነስን ይተውና ያካፍል። በ1.4 ተባዝቶ የወጣ ዋጋ የሚመለሰው በ1.4 ሲካፈል ነው። 5,600 በ1.4 ሲካፈል 4,000 ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

የዓለም ገበያ ወሬም በዚሁ መንገድ ሰውን ያሳስታል፤ እዚያ ላይ ግን ስሕተቱ የሚመጣው በተቃራኒው በኩል ነው። የኒው ዮርክ የዓረቢካ ቡና ዋጋ የሚነገረው በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 መጀመሪያ ላይ ዋጋው ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በሐምሌ ወር ከ3 ዶላር በታች ወረደ፤ ዓመቱ ሳያልቅም እንደገና 4 ዶላርን ተሻገረ። የዕለት ዕለቱን ዝርዝር ትተን ከ4 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 4 ዶላር የተደረገውን ጉዞ ብቻ እንያዝ። ሲወርድ አንድ ዶላር ከ4 ላይ ስለሆነ 25 በመቶ ነው። ሲወጣ ያው አንድ ዶላር ከ3 ላይ ስለሆነ 33 በመቶ ነው።

ጅማ ላይ ተቀምጦ ዜናውን በመቶኛ ብቻ የሚከታተል ሰው በሐምሌ «25 በመቶ ቀነሰ» ሲባል ይሰማል፤ በኋላ «33 በመቶ ጨመረ» ሲባል ይሰማል። በልቡ 33 ላይ 25 ሲቀንስ 8 በመቶ የተረፈ ይመስለዋል። በዚያ ስሌት ቡና ይዞ የቆየ አቅራቢ ከመጀመሪያው የተሻለ ዋጋ ይጠብቃል፤ ገበያው ግን የነበረበት 4 ዶላር ላይ ነው ያለው። ሁለቱም ዜናዎች እውነት ናቸው። ውሸቱ የተፈጠረው መነሻቸው የተለያየ ሁለት መቶኛዎችን እንደ ብር ቆጥሮ በመደመር ነው።

ከቡናው ይልቅ ሁላችንንም የነካው ምሳሌ ግን የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። በማግስቱ ወሬው «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» የሚል ሆነ። 30 በመቶ የሚለው ቁጥር እውነተኛ ነው፤ የዶላር ጭማሪ ግን ነው። 57.48ን መነሻ አድርገን ስናየው ዶላር በብር ሲገዛ 30 በመቶ ተወዷል። ብር ስንት አጣ ብለን ስንጠይቅ ግን መነሻው ሌላ ነው። በፊት 1,000 ብር 17 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ያን ቀን የገዛው 13 ዶላር ከ38 ሳንቲም ነው። የጎደለው 23 በመቶ ያህል ነው።

ይህን ልዩነት ሁለት የጅማ ሰዎች በተለያየ ኪስ ያዩታል። ቡና ልኮ 100 ዶላር የሚመነዝር ላኪ ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቆይ 5,748 ብር ያገኝ የነበረው 7,473 ብር አገኘ፤ 30 በመቶ ጨመረለት። የመፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ያንኑ ብር ይዞ ሲሄድ 23 በመቶ ያነሰ ዕቃ ያመጣል። ያንኑ ዕቃ ልክ በድሮው መጠን ላምጣ ካለ ግን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ብር 30 በመቶ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ምንዛሪ፣ ሁለት መቶኛ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እያንዳንዱ በየራሱ መነሻ ላይ።

«ብር በ30 በመቶ ስለወደቀ ዶላር 30 በመቶ ሲቀንስ ይስተካከላል» የሚል ሰው ሒሳቡን ቢሠራው ይገርመዋል። 74.73 በ30 በመቶ ሲቀንስ 52 ብር ከ31 ሳንቲም ይሆናል፤ ከድሮው 57.48 በ9 በመቶ ያነሰ። 30 በመቶ ተጨምሮ 30 በመቶ ሲነሣ የሚጎድለው ያ 9 በመቶ ነው፤ የ30 በመቶ 30 በመቶ። ከወራት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ዶላር 115 ብርን ሲያልፍ ከ57.48 ላይ የጨመረው ከ100 በመቶ በላይ ሆነ። የዶላርን ጭማሪ የብር ቅናሽ አድርጎ የሚያወራ ሰው እዚህ ላይ «ብር በ100 በመቶ ወደቀ» ሊል ነው። 100 በመቶ የወደቀ ነገር ዜሮ ነው፤ ምንም አይገዛም። በእውነቱ ብር ያጣው በዶላር የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያህሉን ነው። ጭማሪ 100ንም 200ንም በመቶ ሊያልፍ ይችላል፤ የዋጋ ቅናሽ ግን ከ100 በመቶ በላይ ሊሄድ አይችልም። «በ120 በመቶ ቀነሰ» የሚል ወሬ ከሰማን መነሻው ተቀያይሮበት እንደሆነ ወዲያው እናውቃለን።

በስምምነት ላይ ይህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ሐረግ በመጨመር ነው። ገበሬና ሰብሳቢ፣ ወይም ማኅበርና አቅራቢ «ዋጋው በገበያው መቶኛ ልክ ይስተካከላል» ብለው ሲጽፉ መቶኛው ከየትኛው ዋጋ እንደሚቆጠር ማከል አለባቸው። ሁልጊዜ ከ4,000 ብሩ ይቆጠራል ካሉ፣ ገበያው 5,600 ሲሆን ጭማሪው 40 በመቶ ነው፤ 4,000 ሲመለስ ጭማሪው ዜሮ በመቶ ነው፤ ምንም ጠብ የለም። ካለፈው ሳምንት ዋጋ ይቆጠራል ካሉም ልክ ነው፤ ያኔ ሲወርድ 28.6 በመቶ ይጻፋል። ሁለቱም መንገድ ወደ 4,000 ያደርሳል። የሚያጣላው አንዱን ሳምንት በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው መቁጠር ነው። ሁለቱም መንገድ የሚያስቸግራቸው ሰዎች መቶኛውን ትተው በብር ቢጽፉ ይሻላል፤ «1,600 ብር ተጨመረ፣ 1,600 ብር ተነሣ» የሚል ሰነድ የሚሳሳትበት ቦታ የለውም።

ይኸው ስሕተት ከቡናው ውጭ በየሱቁ የሚገኘው በተጨማሪ እሴት ታክስ ሒሳብ ላይ ነው። ቫት 15 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም ታክሱ ከመግባቱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ በወር ውስጥ ቫትን ጨምሮ 230,000 ብር ሰበሰበ እንበል። ሒሳብ የሚይዘው ልጅ ታክሱን ለመለየት ከ230,000 ላይ 15 በመቶ ቢያነሣ 34,500 ብር ይመጣበታል፤ ለሱቁ የቀረው 195,500 ነው ይላል። ይህ ግን 15 በመቶውን ታክሱ ከገባበት ዋጋ ላይ ማንሣት ነው። ትክክለኛው 230,000ን በ1.15 ማካፈል ነው፤ 200,000 ብር የዕቃው፣ 30,000 ብር የታክሱ ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ ወር 4,500 ብር ነው፤ ከባለሱቁ ኪስ የሚወጣ። የትኛው ስሌት ልክ እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው ወደ ኋላ መልሶ ይፈትሸው። 195,500 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር የሚመጣው 224,825 ብር ነው፤ ከደረሰኞቹ ድምር 5,175 ይጎድላል። 200,000 ላይ ሲጨመር ግን ልክ 230,000 ይመጣል።